የተቆጣው የአኮርዲዮን ተጫዋችና አክስቴ የጻፈችለት መልስ

ይህን ጽሑፍ ልተወው ጥቂት ነበር የቀረኝ። ጀምሬ ቀደድኩት፤ እንደገና ጀምሬ እንደገና ቀደድኩት። ስለ አንድ ሰው ሕይወት የሚጽፍ ሰው የዚያን ሰው ሙያ በከፊል እንኳ ሊያውቅ ይገባዋል የሚል ሥጋት ያዘኝ። እኔ አኮርዲዮን ታቅፌ አላውቅም። የባዕድ ቋንቋም ቢሆን ከመጽሐፍ ለቅሜ የተማርኩት እንጂ የተናደደ ሰው ፊቴ ቆሞ ያስተማረኝ አይደለም። በቦታውም አልነበርኩም። ያም ሆኖ የአባቴ ታላቅ እህት ይህን ታሪክ ስትናገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስለሰማሁት፣ እርሷም አሁን ስትናገረው ድምፅዋ እየሳሳ ስለመጣ፣ ባልጽፈው የሚቆጨኝ መሆኑን ተረዳሁ። ልጽፈው መሆኑን ስነግራት፣ «አንቺ ልጅ፣ የምትጽፊው ጠፋሽና ነው እኔን የምትጽፊው?» አለችኝ። ነገር ግን ዝርዝሩን ስሳሳት አላለፈችልኝም።

አክስቴ ጸሐፊና አስተርጓሚ ነበረች። የሠራችበት ቤት የሙዚቃ መሣሪያዎች መጠገኛ ሲሆን፣ ከብስክሌት ጠጋኝና ከጫማ ማደሻ መካከል የተወሸቀ፣ ከፊት ጠባብ፣ ወደ ኋላ ግን ረጅም የሆነ ቤት ነበር። ከፊት የባለቤቱ ክፍል፣ ከዚያ ቀጥሎ የአክስቴ ጠረጴዛና የጽሕፈት መኪናዋ፣ ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ሙሉ መሣሪያ የተሰቀለበት ረጅሙ የሥራ ክፍል። የሙጫና የቆዳ ሽታው ልብሷ ላይ እስከ ቤት ድረስ ይከተላት ስለነበር አያቴ፣ «ልጄ ስትመጣ ከደጅ ነው የማውቃት» ትል ነበር ይባላል።

ከደንበኞቹ ብዙዎቹ የሚኖሩት ከድንበር ማዶ ነበር። አክስቴ የማዶውን ቋንቋ ያወቀችው አባቷ በድንበሩ ከተማ የመጋዘን ሠራተኛ በነበሩበት ዘመን ነው። ሰዋስውን ከትምህርት ቤት መምህር ተማረች፤ ስድቡን ደግሞ ከሰፈሩ ልጆች። «ለእንጀራዬ የጠቀመኝ» ትላለች እየሳቀች፣ «ሁለተኛው ነው።»

ባለቤቱ አንድ ሕግ ነበራቸው። የቅሬታ ደብዳቤ ሲመጣ በእርሳቸው ክፍል አይነበብም። አክስቴ ወደ ሥራው ክፍል ይዛው ትገባለች፤ ሁሉም መሣሪያውን ያስቀምጣል፤ እርሷም ቆማ፣ ቃል በቃል፣ ምንም ሳታለሰልስ በእኛ ቋንቋ ታነበዋለች። «ሙገሳው ሲመጣ ሁላችሁም ትካፈላላችሁ፤ ስድቡንም አብረን እንብላው» ይሉ ነበር።

የዚያን ቀን የመጣው ደብዳቤ በእጅ የተጻፈ ሲሆን፣ ብዕሩ ወረቀቱን እስኪበሳው ድረስ ተጭኖ የተጻፈ ነበር። አክስቴ ቆማ አነበበችው።

«አንተ የዚያ ቤት ባለቤት! አባቴ የተወልኝን፣ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበትን አኮርዲዮን ሬሳ አድርገህ ላክህልኝ—»

ባለቤቱ እጃቸውን አነሡ። «ቆይ፣ ቆይ። ማነው አንተ?»

«እርስዎ ነዎት ጋሼ።»

«እኔን ነው አንተ የምትዪኝ?»

«እኔ አይደለሁም፤ እርሱ ነው።»

«አንቱ ብለሽ ማንበብ አያቅትሽም ነበር!»

«እርሱ አንቱ አላለማ። አንቱ ካልኩዎት ምን ያህል እንደተናደደ በምን ይለኩታል?»

ከበስተኋላ የሆነ ሰው ሳቁን በሳል አስመሰለ። አክስቴ ቀጠለች።

«ጭፈራ አዳራሽ ይዤው ገባሁ። የመጀመሪያውን ዜማ ሳልጨርስ ሲጨፍሩ የነበሩት ሁሉ ተቀመጡ። የታቀፍኩት አኮርዲዮን አይደለም፤ የፋብሪካ ፊሽካ ነው። ሁለቱ ድምፆች ድሮ እርስ በርስ ይከራከሩ ነበር፤ ደንቆሮው ሠራተኛህ አፋቸውን ይዞ አስማማቸው። ይህን ያደረገው ሰው ጆሮ የለውም። ከሥራ ካላባረርከውና ማባረርህን በጽሑፍ ካላረጋገጥክልኝ፣ እኔም ሆንኩ የማኅበራችን ተጫዋቾች ዳግመኛ ወደ ቤትህ አንድም ዕቃ አንልክም።»

አኮርዲዮኑን የቃኙት ሰው ከመስኮቱ አጠገብ ነበር የሚቀመጡት። ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ ሲቃኙ ማንም እንዲተነፍስ ስለማይወዱ «ጋሽ ጸጥታ» ተብለው ቀርተዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ በትምህርት ቤቶችና በአዳራሾች ፒያኖ ሲቃኙ የኖሩ ሰው ናቸው። ወደዚህ ቤት የመጡት የአኮርዲዮኑ ባለሙያ ሥራ ለቆ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ቦታው ባዶ እንዳይሆን ተብሎ ነው። እርጅናቸው ቅርብ ነበር፤ ሌላ ቤት የሚቀጥራቸው አልነበረም። ይህን እርሳቸውም፣ ሌሎቹም ያውቁታል።

«ጆሮ የለውም?» አሉ ጋሽ ጸጥታ ቀስ ብለው። «አንዱም ድምፅ ከሌላው ሳይለይ፣ እንደ ውኃ አስተካክዬ ነው የላክሁለት።»

ባለቤቱ አላዩዋቸውም። ወደ አክስቴ ዞረው፣ «መልስ አዘጋጂ። ይቅርታ ጠይቂልኝ። ያልከውን አድርገናል፣ አሰናብተነዋል በይው» አሉና በሩን ከኋላቸው ሳይዘጉ ወጡ። የማኅበሩ ተጫዋቾች ከቀሩ ቤቱ ግማሽ ሥራውን እንደሚያጣ አክስቴ ታውቅ ነበር። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈርተው ነበር።

አክስቴ መልስ ስትጽፍ የራሷ አሠራር ነበራት። ደብዳቤውን በሦስት እርሳስ ታሰምርበታለች። የሆነውን ነገር በሰማያዊ፣ ሰውየው የሚፈልገውን በጥቁር፣ ቁጣውን በቀይ። ለሰማያዊው ማብራሪያ ይሰጠዋል፤ ለጥቁሩ እንችላለን ወይም አንችልም ይባላል፤ ለቀዩ ግን መልስ የለም። ቀዩን ሰምተነዋል ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ ነው እንጂ ስድብን አንድ በአንድ እያነሡ መመለስ ስድቡን መልሶ መጻፍ ነው ትላለች። እኔ ይህን ስሰማ ከተማርኳቸው የአጻጻፍ ትምህርቶች ሁሉ የበለጠ ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሆኖም የዚያን ቀን አሠራሯ አሳሳታት።

ስለ ሁለቱ ድምፆች ክርክር የሚናገረው መስመር ከፊቱ ፊሽካው፣ ከኋላው ጆሮ የለሹ ነበረበት። በሁለት ስድቦች መካከል የተቀመጠ በመሆኑ እርሱንም ስድብ ነው ብላ በቀይ አሰመረችበት። ከዚያም ረቂቁን ጻፈች። ረቂቁ ለስላሳ ነበር፤ ሰውየውን ባከበረ ቋንቋ የተጻፈ፣ ጨዋ፣ አጭር። ስለ ጭፈራው አዳራሽ ማዘናቸውን ይገልጻል። መሣሪያውን እንደገና እንመረምራለን ይላል። በመጨረሻም ባለቤቱ ያዘዟት መስመር አለች፦ ሥራውን የሠራው ሰው ከእኛ ጋር የለም።

ደብዳቤው ከፖስታ ቤት መዝጊያ በፊት ሊደርስ ይችል ነበር። አክስቴ ግን ፖስታውን አላሸገችም። የረቂቁ ጨዋነት ደስ አሰኝቷት ነበር፤ መጨረሻዋ መስመር ስትደርስ ግን ያ ደስታ ያሳፍራት ጀመር። ሰውየው ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው እያለ ከእኛ ጋር የሉም ብሎ መላክ አልሆነላትም። ቢያንስ ከማንም በፊት እርሳቸው ሊሰሙት ይገባል ብላ ረቂቁንና የሰውየውን ደብዳቤ ይዛ ገባች።

ጋሽ ጸጥታ መሣሪያዎቻቸውን በጨርቅ እየጠቀለሉ ነበር።

«ጋሼ፣ የምልከውን ላንብብልዎት።»

«ተዪው እህቴ። የሚለውን አውቀዋለሁ።» ሞረዳቸውን ጠቀለሉ። «ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያንን አባርረው የሚለውን መዝለል ትችዪ ነበር። ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«እርሱን ብዘል ኖሮ የቀረውን እውነት ነው ብሎ ማን ያምነኝ ነበር? እርስዎ ራስዎ ነገ ያምኑኝ ነበር?»

ጋሽ ጸጥታ ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። አክስቴ ያ ራስ መነቅነቅ ይቅርታ ይሁን ቅያሜ እስካሁን እንዳለየች ትናገራለች። ከዚያ ግን ጨርቁን መልሰው ፈቱት።

«ያቺን ስለ ሁለቱ ድምፆች ያልሻትን ድገሚልኝ።»

«እርሷ ስድብ ናት ጋሼ። መልስ ውስጥ እንኳ አላስገባኋትም።»

«ድገሚልኝ እንጂ።»

ደገመችላቸው። ሁለቱ ድምፆች ድሮ እርስ በርስ ይከራከሩ ነበር፤ አፋቸውን ይዞ አስማማቸው።

ጋሽ ጸጥታ ተነሡ። ከግድግዳው ላይ ለጥገና ተራ የሚጠብቅ፣ ማንም ያልነካው ሌላ አኮርዲዮን አወረዱ። ወናፉን ከፍተው አንዱን ቁልፍ ተጫኑ። ድምፁ ረጋ ብሎ አልወጣም፤ ይርገበገባል። ሌላውን ቁልፍ ተጫኑ፤ እርሱም ይርገበገባል። አስቀመጡትና ሌላ አወረዱ። ያም ይርገበገባል።

«ጸጥታ!» አሉ፤ የተናገረ ሰው ግን አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ አክስቴ ደጋግማ ስላስረዳችኝ በትክክል የማስቀምጠው ይመስለኛል። በአኮርዲዮን ውስጥ ድምፁን የሚሰጡት ነፋስ የሚያንቀጠቅጣቸው ቀጫጭን የብረት ምላሶች ናቸው። በእንዲህ ዓይነቱ አኮርዲዮን አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ሁለት ምላሶች አብረው ይጮኻሉ። ሠሪው ሆን ብሎ አንዱን ከሌላው በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ይቃኘዋል፤ በዚያች ልዩነት ምክንያት ድምፁ ይርገበገባል። በፒያኖ ግን ተቃራኒው ነው። ለአንድ ድምፅ የተወጠሩት ሦስት የብረት ክሮች ፍጹም አንድ ካልሆኑ ፒያኖው ተበላሽቷል ይባላል። ጋሽ ጸጥታ ያን መርገብገብ ሲያሳድዱና ሲያጠፉ የኖሩ ሰው ናቸው። የሰውየውን አኮርዲዮን ሲከፍቱ ሁለቱ ምላሶች ሲለያዩ ሰሙና እርጅና ያመጣው ብልሽት መሰላቸው። እያንዳንዱን በሞረድ እየነኩ፣ በፍጹም ትዕግሥት፣ ሁሉንም አስማሙ። ሥራቸው እንከን አልነበረውም፤ ለፒያኖ።

«አንዱ ቢሆን እርጅና ነው እላለሁ» አሉ ጋሽ ጸጥታ ሦስተኛውን አኮርዲዮን ታቅፈው። «ሁሉም አንድ ላይ አያረጁም። እህቴ፣ ሰውየው አልተሳደበም። በሽታውን ነው የነገረን።»

አክስቴ ቀይ መስመሯን እያየች፣ «እኔም ሰምቼ አልሰማሁም» አለች።

«ሁለታችንም። እኔስ በጆሮዬ የምበላ ሰው ነኝ!»

«ይመለሳል ወይ?»

«ለምን አይመለስም? የምላሱን ጫፍ ጥቂት ብትፍቂው ድምፁ ከፍ ይላል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከፍ ማድረግ ነው። ምን ያህል ከፍ ይበል ነው እንጂ ጥያቄው። እርሱን እኔ አላውቅም፤ አጥፍቼዋለኋ። የሚያውቀው ሰውየው ብቻ ነው።»

አክስቴ ረቂቁን ቀደደችና ወደ ባለቤቱ ክፍል ገባች። ባለቤቱ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ ግንባራቸውን ያዙ።

«ይባስ ብለሽ ጥፋታችንን በገዛ እጃችን ልንጽፍለት ነው?»

«ጥፋቱንማ እርሱ ቀድሞ ጽፎታል ጋሼ። እኛ የምንጽፈው የገባን መሆኑን ነው።»

«አባርር ነው ያለኝ እኮ!»

«ካባረርናቸው ማን ይሠራለታል? የትኛውን ምላስ ምን ያህል እንደነኩ ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ባዶ ወንበር ይቃኝለት?»

ባለቤቱ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ። ብስክሌት ጠጋኙ ጎማ እየነፋ ነበር። «ጻፊ» አሉ በመጨረሻ። «ግን አንድ ነገር ንገሪኝ፤ እኔን አንተ ያለኝን ሰው አንቱ ልትዪው ነው?»

«አንቱ እለዋለሁ።»

«አይ ጊዜ!»

አክስቴ መልሱን ጽፋ ከሠራተኞቹ ፊት በእኛ ቋንቋ መልሳ አነበበችው። ዛሬም በቃሏ ስለምታውቀው እንዳለችኝ እጽፈዋለሁ።

«የተከበሩ ደንበኛችን፤ ደብዳቤዎን ከሠራተኞቻችን ሁሉ ጋር አንብበነዋል። የአኮርዲዮንዎ ድምፅ መርገብገብ መሣሪያው ሲሠራ የተሰጠው ጠባይ ነው። እኛ በፒያኖ እንደሚደረገው እንደ ብልሽት ቆጥረን አጥፍተነዋል፤ ስህተቱ የእኛ ነው። በሰው ፊት ለደረሰብዎት ነገር ከልብ እናዝናለን። መርገብገቡን መመለስ ይቻላል። የመጓጓዣውንም የሥራውንም ወጪ እኛ እንችላለን። ከመጀመራችን በፊት ግን ከእርስዎ በቀር ማንም ሊነግረን የማይችል ነገር አለ። መካከለኛውን ቁልፍ ሲጫኑ ድምፁ ምን ያህል ፈጥኖ ይርገበገብ ነበር? ወደ ላይኞቹ ቁልፎች ሲወጡስ? በሚመችዎት መንገድ ይግለጹልን። ሥራውን የሚሠራው ያው ቀድሞ የቃኘው ባለሙያ ነው፤ የነካውን እያንዳንዱን ክፍል የሚያውቀው እርሱ በመሆኑ አላሰናበትነውም። ድምፁ በመጀመሪያው ሙከራ ልክ እንደ ድሮው ይሆናል ብለን ቃል ልንገባ አንችልም። እስኪወዱት ድረስ እንደምንሠራው ግን ቃል እንገባለን።»

ባለቤቱ መግቢያው ላይ «እንዳለመታደል ሆኖ» የሚል እንዲጨመርበት ጠይቀው ነበር። አክስቴ አልጨመረችም። «ዕድል አይደለም የፋቀው ጋሼ፣ ሞረድ ነው» አለቻቸው። ጋሽ ጸጥታ ከሁሉም ቀድመው ሳቁ።

በዚያ ዘመን ደብዳቤ ሄዶ እስኪመለስ ሰው ብዙ ያስባል። አሁን በእጃችን ስልክ ይዘን መልስ በቅጽበት ሲመጣ፣ ያ መጠበቅ ምን ይመስል እንደነበር ለመገመት እቸገራለሁ። አክስቴ እንደምትለው ጋሽ ጸጥታ በየማለዳው ከሁሉም ቀድመው ይመጣሉ፤ ወንበራቸው ላይ ግን በሙሉ መቀመጫቸው አይቀመጡም። ፖስተኛው ሲያልፍ ፒያኖ እየቃኙ ቢሆን እንኳ እጃቸው ይቆማል። ባለቤቱ አንድም አኮርዲዮን አልሰጧቸውም። ይሂዱም አላሏቸውም።

መልሱ መጣ። አክስቴ ወደ ሥራው ክፍል ይዛው ገባች፤ ሁሉም መሣሪያውን አስቀመጠ።

«አሁንስ ምን ይለኛል?» አሉ ባለቤቱ።

«አሁንም አንተ ነው የሚልዎት።»

«ይሁን። አንብቢው።»

«ደብዳቤህ ደረሰኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቅሬታ ስጽፍ ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ። ለጥያቄህ መልሱ ይኸውና፤ መካከለኛው ቁልፍ ሮጦ መጥቶ እናቱ እቅፍ ውስጥ እንደገባ ልጅ ልብ ነው የሚመታው። ወደ ላይ ስትወጣ ይፈጥናል፤ ወደ ታች ስትወርድ ልጁ እንቅልፍ ይወስደዋል። ዕቃውን ልኬዋለሁ። ሰውየውን ተወው፣ ይሥራ። ሲሠራ ግን እዚያ ፒያኖ ካለ ከክፍሉ አውጣበት።»

ሳቁ እስከ ጫማ ማደሻው ድረስ ተሰማ ይባላል። ጋሽ ጸጥታ ግን አልሳቁም። በሐሳባቸው ሥራ ላይ ነበሩ ማለት ይቻላል። አኮርዲዮኑ በደረሰ ጊዜ ወጥተው ብስክሌት ጠጋኙን ጠሩት።

«አንተ፣ እስቲ እስከ ጥጉ ድረስ ሮጠህ ተመለስ።»

«ምን አሳደደኝ ጋሼ?»

«አኮርዲዮን። ሩጥ!»

ሰውየው እየሳቀ ሮጦ ተመለሰ። ጋሽ ጸጥታ በር ላይ አቆሙትና ጆሯቸውን ደረቱ ላይ አድርገው፣ በጣታቸው ጭናቸውን እየመቱ የልቡን ምት ያዙ። ከዚያ ወደ ወንበራቸው ገብተው የመካከለኛውን ቁልፍ አንዱን ምላስ ጫፉን ፋቁ፤ አዳመጡ፤ ፋቁ። ረስተውት ከሆነ እንደገና ወጥተው ያስሮጡታል። ጠጋኙ ማታ ላይ፣ «ይህ አኮርዲዮን ካልተጠገነ እኔ ነኝ የምሞተው» ብሎ አክስቴን ተማጽኗል። ከመካከለኛው ተነሥተው ወደ ላይም ወደ ታችም ሁሉን አዳረሱ። ጨርሰው አኮርዲዮኑን ሲከፍቱት፣ እየተርገበገበ የወጣው ድምፅ የሥራውን ክፍል ሞላው። አክስቴ ወደ ጽሕፈት መኪናዋ ተመልሳ ምንም ሳትጽፍ ቁጭ አለች።

አኮርዲዮኑ ለደንበኛው ተላከለት፤ እርሱም መልሶ አልላከውም። በቀጣዩ ጊዜ የላከው ጽሑፍ ከጓደኞቹ ሁለት አኮርዲዮኖች ጋር የመጣ፣ ሣጥኑ ላይ የተለጠፈ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «እነዚህንም ለዚያው ሰው ስጠው» ይላል። ባለቤቱ ሁለቱንም ሣጥን በእጃቸው ተሸክመው መስኮቱ አጠገብ አስቀመጡ። ጋሽ ጸጥታ በዚያ ወንበር ላይ ሆነው አረጁ፤ ከዚያም የወጡት በራሳቸው ጊዜና ፈቃድ ነው።

ቤቱ ዛሬ የለም። ባለፈው ዓመት አክስቴን ክንዷን ይዤ በዚያ መንገድ ስናልፍ በቦታው የስልክ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ወደ ውስጥ አየት አድርጋ፣ «ወደ ኋላ ረጅም ነው፤ አሁንም ያው ነው» ብላ አለፈች። እኔ ግን እዚያ ቆሜ ያንን የሙጫ ሽታ፣ ያንን የጽሕፈት መኪና፣ የማላውቃቸውን ሰዎች ሁሉ ናፈቅሁ። ያልኖሩበትን ዘመን መናፈቅ ተገቢ መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ ቢሆንም ናፈቅሁ።

አክስቴ ለሥራዋ ሽልማት አልተቀበለችም፤ ስሟም በጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ግርጌ አልሰፈረም፤ የሚፈርሙት ባለቤቱ ነበሩ። የሰውን ቁጣ ሳትቀንስ አስተላለፈች፤ መልሱን ስትጽፍ የራሷን ቁጣ አልጨመረችም፤ ስትሳሳት ረቂቋን ቀደደች። እንዲህ ያለ ሰው እምነት ይገባዋል፤ አክስቴም ይገባታል።